መድን ሰጪው «አልከፍልም» ሲል
የውስጥ አቤቱታና የውጭ አቤቱታ

(በሬዲዮ ከተነገረው ንግግር የተወሰደ)



ከወልዲያ ተነሥቶ በጎብዬ በኩል ወደ ሮቢትና ወደ ቆቦ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ የጭነት መኪና ቀንና ሌሊት ሲመላለስ ይታያል። የራያ ቆላ ማሽላና ጤፍ፣ እንደዚሁም በመስኖ የሚመረተው ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ወደ ገበያ የሚደርሰው በእነዚህ መኪናዎች ነው። አንድ የሮቢት ነጋዴ አንዲት አይሱዙ ለመግዛት ጥሪቱን አሟጦ፣ ከዘመድ ተበድሮ፣ የባንክ ዕዳም ገብቶ ሊሆን ይችላል። ባንኩም መኪናዋን በመያዣነት ሲይዝ ሙሉ የመድን ዋስትና እንዲገባላት ይጠይቃል። ስለዚህ ባለመኪናው በየዓመቱ አረቦኑን ይከፍላል፤ ፖሊሲውን በሣጥን ያኖራል፤ አደጋ ቢደርስ መድን ድርጅቱ አለልኝ ብሎም በሰላም ይተኛል።

አደጋው በእውነት በደረሰ ጊዜ ግን መድን ሰጪው «ካሳውን አልከፍልም» የሚል ደብዳቤ ይጽፍለት ይሆናል። ባለመኪናውም «ነገሩ እንደገና ይታይልኝ» ብሎ ይለምናል፤ መልሱም ያው እምቢታ ይሆናል፤ ወይም ከነጭራሹ መልስ ያጣል። ዛሬ የምንነጋገረው ከዚህ በኋላ ስላለው መንገድ ነው። ይኸውም በመድን ድርጅቱ ውስጥ የሚቀርበው አቤቱታ ምን ሊያስገኝ እንደሚችል፣ ከድርጅቱ ውጭ ያሉት በሮች የትኞቹ እንደ ሆኑ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በእነዚህ በሮች መካከል ሲመላለሱ የሚያልፈው ጊዜ ባለመብቱን እንዴት መብቱን ሊያሳጣው እንደሚችል ነው።

አስቀድሞ ስለ ሕጉ ጥቂት እንናገር። የመድንን ውል የሚገዛው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ሦስተኛው መጽሐፍ ነው። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ታውጆ ብዙዎቹን የቀድሞ ክፍሎች ቢተካም፣ ስለ መድን ውል የሚናገረው ክፍል ሳይሻር ጸንቶ ይሠራበታል። በዚህ ሕግ ውስጥ ለዛሬው ነገራችን ሁለት ቁጥሮች ያስፈልጉናል። አንደኛው አምስት ቀን ነው፤ መድን የገባው ሰው አደጋውን ባወቀ በአምስት ቀን ውስጥ ለመድን ሰጪው ማስታወቅ አለበት። ሁለተኛው ሁለት ዓመት ነው፤ ከመድን ውል የሚመነጭ ጥያቄ አደጋው ከደረሰበት ወይም ባለጉዳዩ አደጋውን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ በክስ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ይህ የሁለት ዓመቱ ገደብ በንግድ ሕጉ ቁጥር 674 ተጽፎ ይገኛል። አምስቱን ቀን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ሁለቱን ዓመት ግን ብዙ ሰው የሚሰማው ፍርድ ቤት ከቀረበ በኋላ ነው።

ነገሩ በግልጽ እንዲታይ አንድ ምሳሌ እናቁም። ሰውየውም ቀኖቹም ለማስረጃ ያህል የተቀመጡ ናቸው እንጂ የማንም ታሪክ አይደሉም።

አንድ የሮቢት ባለመኪና አይሱዙው ሽንኩርት ጭና ስትጓዝ፣ ጥር 12 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በቃና ዘገሊላ ሌሊት፣ ከመንገድ ወጥታ ተገለበጠች እንበል። ሾፌሩ በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈ፤ መኪናዋ ግን ጋቢናዋ ተጨፈለቀ፣ ሻንሲዋም ተጣመመ። በማግሥቱ የትራፊክ ፖሊስ መጥቶ የአደጋውን ሁኔታ መዘገበ። ባለመኪናውም ጥር 15 ቀን ወደ መድን ድርጅቱ ቅርንጫፍ ሄዶ የአደጋ ማስታወቂያውን ቅጽ ሞላ። እስከዚህ ድረስ ያደረገው ሁሉ በሕጉ መሠረት ነው፤ አምስቱ ቀን አላለፈም።

መጋቢት 6 ቀን ከቅርንጫፉ አንድ ደብዳቤ ደረሰው። ደብዳቤው «አደጋው በደረሰበት ዕለት የሾፌሩ መንጃ ፈቃድ የታደሰ ስላልነበረ ካሳውን ለመክፈል አንገደድም» ይላል። በእርግጥም በመንጃ ፈቃዱ ላይ የሚታየው የዕድሳት ቀን ጥር 20 ነው። ነገር ግን ሾፌሩ የዕድሳቱን ገንዘብ የከፈለውና ማመልከቻውን ያስገባው ጥር 3 ቀን ነበር፤ ካርዱ ታትሞ የተሰጠው ዘግይቶ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው በር የውስጥ አቤቱታ ነው። ማለት፣ ውሳኔውን የሰጠው ቅርንጫፍ ወይም ከእርሱ በላይ ያለው የዋናው መሥሪያ ቤት የካሳ ክፍል ነገሩን እንደገና እንዲመረምረው ማመልከት ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው የፋይናንስ ተገልጋዮች ጥበቃ መመሪያ መሠረት፣ የመድን ድርጅቶች የደንበኞቻቸውን አቤቱታ ተቀብለው የሚመረምሩበት ሥርዓት ሊኖራቸው ይገባል። ስለዚህ ባለጉዳዩ ይህን በር የሚያንኳኳው እንደ ለማኝ አይደለም፤ ደንብ የሰጠውን መንገድ መከተሉ ነው።

ይህ በር የሚጠቅመው መቼ እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። የሚጠቅመው መድን ሰጪው ያላየው ማስረጃ ሲኖር ነው። በምሳሌያችን ያለው ባለመኪና የጥር 3 ቀኑን ደረሰኝ ቢያያይዝ፣ ፈቃዱን ከሰጠው መሥሪያ ቤትም «የዕድሳቱ ጥያቄና ክፍያ በጥር 3 ቀን ገቢ ሆኗል» የሚል ደብዳቤ ቢያመጣ፣ የመጀመሪያውን ውሳኔ የሰጠው ሹም ያላየውን ነገር ለማየት ይገደዳል። እንደዚሁም አረቦን በወቅቱ ተከፍሎ ሳለ በድርጅቱ መዝገብ ሳይገባ ቢቀር፣ የሰሌዳ ቁጥር ወይም የሻንሲ ቁጥር ተሳስቶ ቢጻፍ፣ የጥገናው ግምት በስሕተት ተደምሮ ቢገኝ፣ ይህን ሁሉ ያለ ዳኛና ያለ ወጪ የሚያቃናው የውስጥ አቤቱታ ነው።

ይህ በር የማይጠቅመው ደግሞ ሁለቱም ወገኖች የሚያዩት ማስረጃ አንድ ሆኖ፣ ጠባቸው በፖሊሲው ቃል ትርጉም ላይ ሲሆን ነው። ድርጅቱ ያንን ቃል በአንድ መንገድ ተርጕሞ ከወሰነ በኋላ፣ አዲስ ነገር ሳይጨመርለት ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ቢለመን ሐሳቡን የሚለውጥበት ምክንያት የለውም። ይህንም በቀላሉ መለየት ይቻላል፤ ሁለተኛው መልስ የመጀመሪያውን ቃል በቃል የሚደግም ከሆነ በዚያ በር ከእንግዲህ መቆም ቀን መቁጠር ብቻ ነው።

አቤቱታውን በጽሑፍ ማድረግ ግዴታ ያህል ነው። የቅርንጫፉ ሠራተኛ በመልካም ፈቃድ «እናየዋለን፤ ተመለስ» ቢል ይህ መልስ ኋላ ለምስክርነት አይሆንም። ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ፣ አንዱ ለመዝገብ ቤት ገቢ ሲሆን፣ በባለጉዳዩ ቅጂ ላይ የድርጅቱ ማኅተም፣ የገቢ ቁጥርና ቀን ሊያርፍበት ይገባል። መሄድ የማይቻል ከሆነ በአደራ ደብዳቤ ልኮ የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ መያዝ ነው። በደብዳቤውም ውስጥ ሦስት ነገሮች ይጠየቃሉ። አንደኛ፣ ካሳው የተከለከለበት የፖሊሲው አንቀጽ በቁጥሩ እንዲገለጽ፤ ሁለተኛ፣ ሌላ የመከልከያ ምክንያት ካለ ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲነገር፤ ሦስተኛ፣ የገማቹ ወይም የመርማሪው ሪፖርት ቅጂ እንዲሰጥ። ፖሊሲው ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ቋንቋ የተጻፈ ስለ ሆነ፣ የአንቀጹ ቁጥር ከታወቀ በኋላ ቋንቋውን ለሚያውቅ ታማኝ ሰው አስነብቦ ትክክለኛውን ትርጉም መረዳት ይገባል። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ማለት ምክንያቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዲነገር መጠየቅ፣ ለምን እንዳስፈለገ ወደ ምሳሌያችን ተመልሰን እንመልከት። ባለመኪናው መጀመሪያ በቃል ሲመላለስ ሁለት ወር አለፈበት። ኋላ ግን ግንቦት 10 ቀን ደረሰኙንና የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ አያይዞ ለዋናው መሥሪያ ቤት ጻፈ። ሐምሌ 15 ቀን የመጣው መልስ ስለ መንጃ ፈቃዱ አንድም ቃል አልተናገረም። ይልቁንም «መኪናዋ በሊብሬዋ ከተፈቀደላት 50 ኩንታል በላይ 58 ኩንታል ጭና ስለ ተገኘች ካሳው አይከፈልም» የሚል አዲስ ምክንያት ይዞ መጣ። እንዲህ ያለው መለዋወጥ ሲደርስ ባለጉዳዩ ነገሩን በጥንቃቄ ሊያስተውለው ይገባል። የመጀመሪያው ምክንያት ዝም መባሉ ለባለመኪናው የሚረዳው ነው፤ ሁለቱም ደብዳቤዎች በዳኛ ፊት ጐን ለጐን ቢቀመጡ ድርጅቱ በመጀመሪያው ምክንያቱ እንዳልጸና ያሳያሉ። ስለዚህ የድርጅቱ ደብዳቤዎች ሁሉ፣ የሚያስቈጡትም ቢሆኑ፣ ሳይቀደዱ መቀመጥ አለባቸው።

አዲሱ ምክንያት ግን እንደ ፊተኛው በደረሰኝ የሚፈታ አይደለም። ጭነቱ በእርግጥ 58 ኩንታል ነበረ ወይ? ማን መዘነው? ቢሆንስ፣ ለመገልበጧ ምክንያቱ ጭነቱ ነው ወይስ ከፊት ለፊት የመጣው መብራት ወይም የመንገዱ ሁኔታ ነው? ፖሊሲውስ ከልክ በላይ መጫን ብቻውን ካሳን ያስቀራል ይላል ወይስ ለአደጋው ምክንያት ሲሆን ነው የሚያስቀረው? እነዚህ ጥያቄዎች ምስክር የሚሰማባቸው፣ ባለሙያ የሚጠየቅባቸው፣ የውል ቃል የሚተረጐምባቸው ናቸው። እንግዲህ ነገሩ ከውስጥ አቤቱታ ክልል ወጥቷል ማለት ነው።

አሁን ወደ ውጭዎቹ በሮች እንሻገር። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው። ባንኩ በመድን ሥራ አዋጅ ቁጥር 746/2004 መሠረት መድን ድርጅቶችን ሁሉ የሚፈቅድና የሚቆጣጠር ባለሥልጣን ነው። ቀደም ብለን ባነሣነው የጥበቃ መመሪያም መሠረት፣ አቤቱታውን በመጀመሪያ ለድርጅቱ አቅርቦ ያልረካ ተገልጋይ ወደ ባንኩ ሊያመለክት ይችላል። በዚህ ምክንያት ወደ ባንኩ የሚሄድ ሰው የውስጡን በር አስቀድሞ ማንኳኳቱን የሚያሳይ ማስረጃ መያዝ አለበት። በማኅተም ገቢ የሆነው የአቤቱታ ቅጂ እዚህ ላይ ዋጋውን ያሳያል።

ብሔራዊ ባንክ በምን ይረዳል? በድርጅቱ አካሄድ ላይ በሚነሣ ቅሬታ ይረዳል። መድን ሰጪው ለወራት መልስ ከከለከለ፣ ምክንያቱን በጽሑፍ አልሰጥም ካለ፣ እከፍላለሁ ብሎ ከተቀበለ በኋላ ገንዘቡን ካዘገየ፣ የተቆጣጣሪው ደብዳቤ ብዙ ጊዜ የተዘጋውን አፍ ያስከፍታል። ነገር ግን ባንኩ ፍርድ ቤት አይደለም። ሾፌሩንና ረዳቱን አስምሎ አይመረምርም፤ ጭነቱ 50 ነበር ወይስ 58 ብሎ የሁለት ወገን ምስክር አይሰማም። ባለመኪናው ወደ ባንኩ የሚሄደው «መኪናዬን አስከፍሉልኝ» ለማለት ብቻ ከሆነ፣ ሊያገኝ የሚችለው ድርጅቱ አቋሙን አጥርቶ የሚገልጽበትን ደብዳቤ ሊሆን ይችላል። ይህም ቢሆን ከንቱ አይደለም፤ የመጨረሻውን አቋም በጽሑፍ ማግኘት ለክሱ መሠረት ነው። ፍርድ ነው ብሎ መጠበቅ ግን ራስን ማታለል ነው።

በሌሎች አገሮች ይህ ነገር በሌላ መንገድ ተደራጅቷል። በእንግሊዝ አገር ለምሳሌ የፋይናንስ እንባ ጠባቂ የሚባል ተቋም አለ። በዚያ መድን ሰጪው ለአቤቱታው የመጨረሻ መልሱን በስምንት ሳምንት ውስጥ መስጠት አለበት፤ ከዚያም ባለጉዳዩ በስድስት ወር ውስጥ ወደ እንባ ጠባቂው ሊያመለክት ይችላል። እንባ ጠባቂው የሰጠውን የመጨረሻ ውሳኔ ባለጉዳዩ ከተቀበለው መድን ሰጪው ይገደድበታል። ይህን የምንጠቅሰው በውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶች በቅን ልብ «ወደ እንባ ጠባቂው ሂድ፤ እርሱ ያስከፍልሃል» ብለው የሚመክሩት ምክር እዚህ እንዳለ የማይሠራ ስለ ሆነ ነው። በአገራችን ለመድን ጠብ ብቻ የቆመና ውሳኔው መድን ሰጪውን እንዲህ የሚያስገድድ እንባ ጠባቂ ስላልተቋቋመ፣ አስገዳጅ ውሳኔ የሚገኘው ከግልግል ዳኛ ወይም ከፍርድ ቤት ነው።

ስለ ግልግል ዳኝነት አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። በብዙ የመኪና ፖሊሲዎች መጨረሻ ገጽ ላይ፣ በካሳው ላይ ጠብ ቢነሣ ነገሩ ለግልግል ዳኛ እንዲቀርብ የሚያዝ አንቀጽ ይገኛል። በአንዳንዶቹም፣ መድን ሰጪው እምቢታውን ካስታወቀ በኋላ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ ጥያቄው ወደ ግልግል ካልቀረበ እንደ ተተወ ይቆጠራል የሚል ቃል ተጨምሯል። እንዲህ ያለው ቃል በሕግ ፊት ምን ያህል እንደሚጸና ጠበቆች ሊከራከሩበት ይችላሉ። ባለመኪናው ግን የዚህ ክርክር መሞከሪያ እንዳይሆን፣ የእምቢታው ደብዳቤ በደረሰው ዕለት ፖሊሲውን ከሣጥን አውጥቶ «ግልግል» የሚለውን አንቀጽ ፈልጎ ማስነበብ አለበት። አንቀጹ ካለ፣ በቀጥታ ወደ ፍርድ ቤት ቢሄድ ድርጅቱ «አስቀድሞ ለግልግል መቅረብ ነበረበት» ብሎ መቃወም ይችላል፤ በዚህም ወራት ይባክናሉ። የግልግሉን ሥርዓት የሚገዛው በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1237 ነው።

የመጨረሻው በር ፍርድ ቤት ነው። የሮቢት ሰው ክሱን ወደ ቆቦ ወረዳ ፍርድ ቤት ነው የሚወስደው ወይስ ወደ ወልዲያ ከፍተኛው ፍርድ ቤት? የመድን ጕዳይ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ሥር የሚወድቅበት ሁኔታ አለ፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረትም የፌዴራሉን የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሥልጣን በክልል የሚሠራበት የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ስለዚህ ክሱ ከመጻፉ በፊት ነገሩን ከሬጅስትራር ወይም ከጠበቃ ጠይቆ ማረጋገጥ ይገባል። ሥልጣን በሌለው ፍርድ ቤት ገብቶ መመለስ ወጪ ብቻ አይደለም፤ ከሁለቱ ዓመት ላይም ቀን ይበላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን፤ ይኸውም የጊዜው ቁጥር ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1851 እንደ ተጻፈው፣ ይርጋን ከሚያቋርጡት ነገሮች ዋኖቹ ባለዕዳው ዕዳውን ማመኑና ባለገንዘቡ ክስ ማቅረቡ ናቸው። እንግዲህ መድን ሰጪው «አልከፍልም» እያለ በሚጽፍበት ጊዜ ዕዳውን አላመነም። ባለመኪናው ለዋናው መሥሪያ ቤት አንድም ይጻፍ አሥርም ይጻፍ፣ ለብሔራዊ ባንክም ቢያመለክት፣ እነዚህ ደብዳቤዎች ሁለቱን ዓመት ያቆሙልኛል ብሎ መተማመን የለበትም። ደብዳቤ ማስረጃ ይሆናል፤ ክስ ግን አይሆንም።

ሌላም የተለመደ ስሕተት አለ። ብዙ ሰው ሁለቱን ዓመት የሚቆጥረው የእምቢታው ደብዳቤ ከደረሰው ቀን ጀምሮ ነው። የሕጉ ቃል ግን የሚናገረው ስለ አደጋው ወይም አደጋው ስለ ታወቀበት ቀን ነው። በምሳሌያችን አደጋው የደረሰው ጥር 12 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ ባለመኪናውም ወዲያው አውቆታል። ስለዚህ ሁለቱ ዓመት የሚያልቀው ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። የእምቢታው ደብዳቤ መጋቢት 6 ቀን ስለ ተጻፈ «እስከ መጋቢት 2017 ጊዜ አለኝ» ብሎ፣ ክሱን የካቲት 10 ቀን ቢያቀርብ፣ ድርጅቱ በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያው ይርጋን ያነሣበታል። ዳኛው ይርጋን ከራሱ አያነሣም፤ ድርጅቱ ካነሣው ግን ሊያልፈው አይችልም። መቃወሚያው ከተቀበለው፣ ስለ መንጃ ፈቃዱም ስለ 58 ኩንታሉም አንድ ምስክር ሳይሰማ፣ አንድ ሰነድ ሳይመረመር መዝገቡ ይዘጋል። ባለመኪናው በእውነት የበላይ ሆኖ ሳለ በቀን ይሸነፋል፤ የባንኩ ዕዳ ግን እንዳለ ይቀራል።

ይኸው ሰው በሌላ መንገድ ቢሄድስ? የሐምሌ 15ቱ መልስ በደረሰው ጊዜ ከአደጋው ገና ስድስት ወር ነው ያለፈው። አዲሱ ምክንያት በደረሰኝ የማይፈታ መሆኑን ካወቀ፣ ለዋናው መሥሪያ ቤት አንድ የመጨረሻ ደብዳቤ ጽፎ ጭነቱ የተመዘነበትን ማስረጃና የአንቀጹን ቁጥር ይጠይቃል። በዚያው ጊዜ መልስ ቢዘገይ በሚል አቤቱታውን ለብሔራዊ ባንክ ያስገባል። መልሱ መጣም ቀረም፣ ከጥር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት፣ ማለት አንደኛው ዓመት ሳይሞላ፣ ፖሊሲው ግልግል ካለው ወደ ግልግል፣ ከሌለው ወደ ፍርድ ቤት ለመሄድ ጠበቃ ያማክራል። ክሱ ከቀረበም በኋላ የውስጥ ድርድሩ አይዘጋም፤ ድርጅቱ ነገሩን መርምሮ ለመታረቅ ከፈለገ በመዝገቡ ላይ ስምምነት ማስመዝገብ ይቻላል። ክስ የሰላምን በር አይዘጋም፤ የሚዘጋው የይርጋን በር ነው።

ከዚህ ጋር ተያይዞ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። አንዳንድ ጊዜ መድን ሰጪው ከብዙ ልመና በኋላ ከተጠየቀው ከፊሉን ልክፈል ይላል፤ ገንዘቡንም ከመስጠቱ በፊት አንድ ወረቀት ያስፈርማል። በወረቀቱ ላይ «ስለዚህ አደጋ ከእንግዲህ ምንም የምጠይቀው ነገር የለም» የሚል ቃል ካለ፣ ፊርማው ቀሪውን ጥያቄ ያስቀራል። መውሰዱ የሚያዋጣ ሊሆን ይችላል፤ ጋራዡ ያቀረበው ፕሮፎርማ ተጋኖ እንደ ሆነ፣ ወይም ፖሊሲው ላይ የተጻፈው ተቀናሽ ከተነሣ በኋላ ልዩነቱ ጥቂት እንደ ሆነ፣ ስለ ጥቂቱ ዓመታት መካሰስ አይገባም። ነገር ግን ይህ በስሌት የሚወሰን እንጂ በችኰላ የሚፈረም አይደለም። ከፊሉን ተቀብሎ በቀሪው ለመከራከር የሚፈልግ ሰው፣ የተቀበለው ገንዘብ በከፊል ክፍያ መሆኑን በጽሑፍ ሳያስፈር ስሙን ማኖር የለበትም።

እንግዲህ አድማጮቻችን፣ እያንዳንዱን በር በልኩ ማወቅ ነው። ድርጅቱ ያላየው ማስረጃ ካለ ወደ ውስጥ አቤቱታ፤ ድርጅቱ ዝም ካለ ወይም ምክንያቱን ከሸሸገ ወደ ተቆጣጣሪው፤ ጠቡ በፖሊሲው ቃል ወይም በአደጋው መንሥኤ ላይ ከሆነ ወደ ግልግል ወይም ወደ ፍርድ ቤት። ባለመኪናውም እነዚህን በሮች ሁሉ ሲመላለስ አንድ ቀን ከዓይኑ መጥፋት የለበትም፤ እርሱም አደጋው የደረሰበት ቀን ነው። ይህን ቀን በፖሊሲው ሽፋን ላይ በእስክርቢቶ ጽፎ፣ ከሥሩም ሁለት ዓመት ደምሮ ማስቀመጥ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። መኪናዋ በአንድ ሌሊት ትገለበጣለች፤ መብቱ ግን የሚጠፋው ቀስ ብሎ፣ በቀጠሮና በደብዳቤ መካከል ነውና።